ሌና ሙሉ ስም ነው ወይስ ቁልምጫ? የቤት ስም መዝገብ ላይ እንዴት ይወጣል

ሞስኮ ውስጥ ጓደኞቿ ሁሉ ሌና የሚሏት ሴት ፓስፖርቷ ሲገለጥ የሚነበበው ዬሌና የሚል ነው። ሌና ለሩሲያዊ ጆሮ ቁልምጫ ነው። ቤት ውስጥና በጓደኛ መሐል ይነገራል እንጂ ማመልከቻ ላይ አይጻፍም። ዋርሶ ውስጥ ግን በዚህ ስም የተመዘገቡ ሕፃናት ሞልተዋል። ባለፉት ዐሥርተ ዓመታት በፖላንድ ለሴት ልጅ በብዛት ከሚወጡት ስሞች አንዱ ሌና ሲሆን፣ ከጀርባው ሌላ ረዘም ያለ ስም ያለው ሕፃን እምብዛም አይገኝም። ነገሩን የሚያከብደው ደግሞ የፖላንድ ሕግ በቁልምጫ መልክ ያለ ስም በመዝገብ እንዳይገባ በግልጽ መከልከሉ ነው። ታዲያ ሌና እንዴት አለፈ? ዞሻ የሚለው የዞፊያ ቁልምጫስ ለምን ሳይመዘገብ ይመለሳል? ለዚህ መልስ ለመስጠት በመጀመሪያ ቁልምጫ እንዴት እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋል። (በጽሑፉ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ ነገር ከወዲሁ እንለይ። ቅጽል ስም ከሰውየው ጠባይ፣ መልክ ወይም ሥራ ይወጣል፤ ከተጠመቀበት ወይም ከተሰየመበት ስም ጋር ዝምድና የለውም። ቁልምጫ ግን ከራሱ ከስሙ ነው የሚወለደው። ቀይ ፀጉር ያለውን ሰው "ቀዩ" ብንለው ቅጽል ነው፤ ሳሙኤልን ሳሚ፣ አበበን አቤ፣ ታደሰን ታዴ ብንል ግን ቁልምጫ ነው። እዚህ የምንነጋገረው ስለ ሁለተኛው ነው። ሕጉን የሚያስቸግረውም እሱ ነው፤ ምክንያቱም ቁልምጫ ስም ይመስላል፣ እንደ ስም ይጠራል፣ ቀስ በቀስም ስም ይሆናል።

ቁልምጫ በየቋንቋው የተለያየ ይመስላል እንጂ የሚሠራበት መንገድ በጣም ይመሳሰላል። ስሙ ይቆረጣል፤ የቀረው ቁራጭ ለአፍ በሚቀል ድምፅ ይለሰልሳል፤ ብዙ ጊዜም ቅጥያ ይጨመርበታል። ውጤቱ በአብዛኛው ሁለት ቀለም፣ ማለትም ሁለት የድምፅ ክፍል፣ ያለው ቃል ነው። የፖላንድ ቋንቋ ይህን በጣም በጠራ መልክ ያሳያል። ከስሙ መጀመሪያ አንስቶ እስከ መጀመሪያው አናባቢ ድረስ ያለው ይወሰዳል፣ ከዚያ ለስላሳ "ሽ" ይገባል፣ ሴት ከሆነች "አ" ይከተላል። በዚህ መንገድ ካታርዚና ካሻ፣ ባርባራ ባሻ፣ ዞፊያ ዞሻ ይሆናሉ። ለወንድ የመጨረሻው አናባቢ ይቀርና ያን ያሽ፣ ስታኒስዋፍ ስታሽ ይባላሉ። ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ብቻ አይቆረጥም። ዮአና የምትባለው አሻ ትሆናለች፤ ቁራጩ የመጣው ከስሟ ጭራ ነው። ማውጎዛታ ደግሞ ከመሐል ተወስዳ ጎሻ ትባላለች። የትም ይቆረጥ፣ "ሻ" የሚለው ጭራ ቁልምጫ መሆኑን ለሰሚው ወዲያው ይነግረዋል። ይህን ጭራ እናስታውሰው፤ ኋላ የመዝገብ ሹሙ ጠረጴዛ ላይ እንደገና እናገኘዋለን።

ስፓኒሽ ደግሞ የሚቆርጠው በድምፅ ጫና ነው። በስሙ ውስጥ ጠበቅ ተደርጎ ከሚነገረው ቀለም ጀምሮ ያለው ይቀራል፤ ከፊቱ ያለው ይጣላል። ኢግናሲዮ ሲባል ጫናው "ና" ላይ ስለሆነ "ኢግ" ይወድቃል፣ "ሲዮ" ወደ "ቾ" ይለሰልሳል፤ ናቾ ይሆናል። ሮሳሪዮ በተመሳሳይ መንገድ ቻሮ ይሆናል። ዶሎሬስ ሎላ የሚባለው ደግሞ ሕፃን እንደሚያደርገው አንዱን ድምፅ በመድገም ነው። ፍራንሲስኮ ፓኮ፣ ሆሴ ፔፔ የሚባሉበትን ምክንያት ብዙ ሰው በተረት ያስረዳል። ፔፔ የመጣው "አሳዳጊ አባት" ከሚለው የላቲን ሐረግ ሁለት "ፐ" ፊደላት ነው ይላሉ፤ የክርስቶስ አሳዳጊ ዮሴፍ ነውና። ጨዋታው ደስ ቢልም ቋንቋ አጥኚዎች አይቀበሉትም። የስሙ የቆየ መልክ ሆሴፕ ወይም ሆሴፔ ስለነበር "ፐ" ከስሙ ውስጥ ነው የመጣችው፤ መደጋገሟም እንደ ሎላ የሕፃን አፍ ሥራ ነው። ፍራንሲስኮን በተመለከተ ደግሞ "ፈ" ለሕፃን ከባድ በመሆኑ በ"ፐ" ይተካል።

እንግሊዝኛ ሌላ ነገር ጨምሯል፤ ግጥም። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ ጥቂት ስሞች እጅግ ብዙ ሰው ላይ ይወጡ ነበር። በአንድ መንደር ውስጥ ብዙ ሪቻርድ፣ ብዙ ሮበርት ሲኖር አንዱን ከሌላው ለመለየት የተቆረጠው ስም የመጀመሪያ ፊደሉን እየቀየረ ቤት እንዲመታ ተደረገ። ሮበርት ሮብ ይሆናል፤ ሮብ ቦብ፣ ሆብ፣ ዶብ ይሆናል። ሪቻርድ ሪክ፣ ሪክ ደግሞ ዲክና ሂክ። ማርጋሬት ሜግ፣ ሜግ ፔግ። ዊልያም ዊል፣ ከዚያም ቢል። ቢል ከዊልያም ጋር እንዴት እንደሚዛመድ ግራ የሚገባው ሰው ዊል የሚለውን መሐለኛ ደረጃ ስለዘለለው ነው። "ረ" ለሕፃናት ዘግይታ የምትመጣ ድምፅ በመሆኗ ወደ "ለ" የምትዞርባቸውም አሉ፤ ሣራ ሳሊ፣ ሜሪ ሞሊ፣ ሃሪ ሃል። ኤድዋርድን ኔድ የሚያሰኘው ነገር ደግሞ ስሙ ውስጥ ጨርሶ የለም። "የኔ ኤድ" ለማለት በድሮው እንግሊዝኛ "ማይን ኤድ" ይባል ነበር፤ ሰሚው የ"ማይን"ን መጨረሻ "ን" ከስሙ ጋር አያይዞ ሰማውና "ማይ ኔድ" ሆኖ ቀረ። በፍቅር መጥሪያ የነበረች ፊደል ስሙ ውስጥ ገብታ ታተመች ማለት ነው። አማርኛም ይህን ያውቃል፤ ተስፋዬ በሚለው ስም ጭራ ላይ ያለው "ዬ" የኔ ማለት ነው፤ ዛሬ ግን ከስሙ ተለይቶ አይታይም።

ሩሲያኛ ላይ ትንሽ ረዘም አድርገን እንቆይ፤ የሕጉ ነገር ከዚያ ይጀምራልና። እዚያ የመጀመሪያው ቁልምጫ ልክ እንደ ፖላንዱ በቆረጣና በ"ሻ" ይሠራል፤ ማሪያ ማሻ፣ ሚኻኢል ሚሻ፣ ፓቬል ፓሻ። ነገር ግን በዚህ አያበቃም። ማሻ ላይ አንድ ቅጥያ ሲጨመር ማሼንካ ይሆናል፤ ይህ እናት ልጇን የምትጠራበት፣ ማር የሚንጠባጠብበት ስም ነው። በሌላ ቅጥያ ማሽካ ይሆናል፤ ይህ ደግሞ ሻካራ ነው፣ ከንቀት ወይም ከልጅነት ጓደኝነት በስተቀር አይነገርም። ስለዚህ አንዲት ማሪያ ማን እንደጠራት፣ በምን ስሜት እንደጠራት ከስሟ ጭራ ይታወቃል። አሌክሳንደር እስከ ሹራ ድረስ ይሄዳል፤ መንገዱም አሌክሳሻ፣ ሳሻ፣ ሳሹራ፣ ሹራ ነው። አራተኛው ላይ ሲደርስ ከመነሻው ስም አንድም ተነባቢ በቦታው የለም።

ይህ የጭራ ደረጃ በአንድ ወቅት የመንግሥት ጉዳይ ነበር። በሞስኮ መንግሥት ዘመን ለንጉሡ ለዛሩ አቤቱታ የሚያቀርብ ሰው፣ መኳንንቱም ሳይቀሩ፣ ሙሉ ስሙን አይጽፍም ነበር። ኢቫን የሚባል ሰው "ባሪያህ ኢቫሽኮ" ብሎ ይፈርማል፤ ራሱን ያሳንሳል፣ ዛሩን ያገዝፋል። እንዲህ ያለው መልክ "ግማሽ ስም" ይባል ነበር። ታላቁ ጴጥሮስ በዲሴምበር 30 ቀን 1701 ባወጣው ዐዋጅ ይህን ከለከለ፤ ማንኛውም ዓይነት ሰው በማንኛውም ጽሑፍ ላይ ስሙን ሙሉ አድርጎ ከመጠሪያው ጋር እንዲጽፍ አዘዘ። በእኔ ግምት የዛሬው ሩሲያዊ ቤቱ ሳሻ፣ ቢሮው አሌክሳንደር የሆነበት ጥርት ያለ ወሰን ሥሩ እስከዚያ ዐዋጅ ይደርሳል። ወሰኑ ዛሬም ጠንካራ ነው፤ የአባት ስም ተጨምሮ በሚነገር መደበኛ አጠራር ላይ ሳሻ ብሎ ነገር የለም።

ሕግ ቁልምጫን የሚፈራበት ከክብር ሌላ ምክንያትም አለው። ቁልምጫ መረጃ ያጠፋል። ሳሻ የሚለው ስም አሌክሳንደር የተባለ ወንድ ይሁን አሌክሳንድራ የተባለች ሴት አይነግረንም። የእንግሊዝኛው በርት አልበርት ሊሆን ይችላል፤ ሮበርት፣ ሄርበርት፣ ሁበርት ወይም ጊልበርትም ሊሆን ይችላል። በሌላ አቅጣጫ ደግሞ ከአንዲት ኤልዛቤት ቤቲ፣ ሊዛ፣ ቤስ፣ ሊቢ ይወጣሉ። ከአንድ ወደ ብዙ፣ ከብዙ ወደ አንድ የሚሄድ ነገር ደግሞ ለመዝገብ አይመችም። አንዲት ሴት በልደት መዝገብ ኤልዛቤት፣ በሥራ ውል ቤቲ፣ በኑዛዜ ላይ ሊዛ ብትሆን ሦስቱ አንድ ሰው መሆናቸውን የሚያስረዳ ሌላ ማስረጃ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ፖላንዱ ጠረጴዛ እንመለስ። ከማርች 1 ቀን 2015 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የክብር መዝገብ ሕግ ሆስፒታሉ የልደት ካርዱን ለመዝገብ ቢሮው ይልካል፤ ወላጆች ካርዱ በተዘጋጀ በ21 ቀን ውስጥ ልደቱን አስመዝግበው ስም ይመርጣሉ። ቢበዛ ሁለት ስም ነው የሚፈቀደው። አንቀጽ 59 ሹሙ ስሙን እንዲመልስ ከሚያስገድዱት ምክንያቶች ውስጥ ስሙ የሚያሳፍር ወይም ነውር ያለበት መሆኑን፣ ከዚያም በቁልምጫ መልክ መሆኑን ይጠቅሳል። ሹሙ ከመለሰ በጽሑፍ ውሳኔ መስጠት አለበት፤ ልጁም ስም አልባ እንዳይቀር በአገሩ ከተለመዱት ስሞች አንዱን ራሱ ይሰጠዋል። ወላጆች በውሳኔው ላይ ይግባኝ ማለት ይችላሉ። ሐሳባቸውን ከለወጡ ደግሞ የልደት መዝገቡ ከተዘጋጀ በስድስት ወር ውስጥ ስሙን በቃል መግለጫ የመቀየር መብት አላቸው።

ሕጉ ቁልምጫን ይከለክላል እንጂ ቁልምጫ ምን እንደሆነ አይተረጉምም። የሚፈርደው ሹሙ ነው፤ ሲቸገርም በቋንቋ ጉዳይ ምክር ከሚሰጠው የፖላንድ ቋንቋ ምክር ቤት አስተያየት ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ ሹሙ በተግባር ምን ያያል የሚለውን በሁለት ስሞች ላይ እንሞክረው።

አንድ ባልና ሚስት ዞሻ ብለው ሊያስመዘግቡ መጡ እንበል። "ሻ" የሚለው ጭራ ራሱ ቁልምጫ መሆኑን ይመሰክራል። ሁለተኛ፣ እናት ስሟ፣ ማለትም ዞሻ የወጣችበት ሙሉ ስም፣ አንዲት ናት፤ ዞሻ የተባለች ሁሉ ዞፊያ ናት። ሦስተኛ፣ ዞፊያ ዛሬም ሕያው ስም ነው፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ይነገራሉ፤ "ዞሻ" ላለች ልጅ "ሙሉ ስምሽ ማነው?" ብሎ መጠየቅ ለማንም አይገርምም። አራተኛ፣ ስሙ ከማዕረግ ጋር አይሄድም፤ "ዳኛ ዞሻ" የሚለው ለፖላንዳዊ ጆሮ የልጅ ጨዋታ ይመስላል። አራቱም ወደ አንድ ወገን ስለሚጠቁሙ ሹሙ ይመልሰዋል፤ ወላጆቹም ዞፊያ ብለው አስመዝግበው ቤታቸው ዞሻ ይሏታል፤ ያጡት ነገር የለም።

ሌናን በዚያው ሚዛን እናስቀምጠው። ጭራዋ ላይ የቁልምጫ ቅጥያ የለም፤ የተሠራችው በቆረጣ ብቻ ነው፤ "ና" ብለው የሚያልቁ ሙሉ ስሞች ደግሞ በፖላንድ ብዙ ናቸው። እናቷም አንዲት አይደለችም፤ ሌና ከማግዳሌና ልትመጣ ትችላለች፣ ከሄሌናም ልትመጣ ትችላለች። ስለዚህ ሹሙ "ትክክለኛው ስም ይህ ነው" ብሎ የሚያሳየው አንድ ቦታ የለውም። በጀርመንና በስዊድን ራሱን የቻለ ስም ሆኖ ሲወጣ ቆይቷል። "ዳኛ ሌና" ቢባልም የሚገርመው የለም። ሌና ስም ሆና ያለፈችው ሕጉ ስለላላ አይደለም፤ ከእናት ስሟ ጋር የሚያገናኛት ገመድ ስለተበጠሰ ነው። ሞስኮ ላይ ገመዱ ስላልተበጠሰ ያው ድምፅ እዚያ ቁልምጫ ሆኖ ቀርቷል።

መሐል ላይ የሚዋልሉ አሉ። ኩባ የያኩብ ቁልምጫ ነው። እንደ ሌና ቅጥያ የለውም፤ እንደ ዞሻ ግን እናቱ አንድ ናት፣ ያኩብም በጣም ሕያው ነው። ሁለቱ ምልክቶች ሲጣሉ አንዱ ሹም ይመልሳል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ወላጆች "እገሌ ከተማ ተፈቅዷል" ብለው የሚከራከሩትም እንዲህ ባሉት ላይ ነው። ብዙዎች ደግሞ አንድ የተሳሳተ መለኪያ ይጠቀማሉ። "ስሙ ራሱ ቁልምጫ ከወጣለት ሙሉ ስም ነው" ይላሉ፤ ሌና ሌንካ ትባላለችና። ይህ መለኪያ አይሠራም። ማሻ ማሼንካ ስትባል አይተናል፤ ማሻ ግን ሩሲያ ውስጥ ሙሉ ስም አይደለችም። ቁልምጫ በቁልምጫ ላይ ይነባበራል። ከሁሉም የሚታመነው "ሙሉ ስምሽ ማነው?" የሚለው ጥያቄ ነው፤ ተጠያቂዋ ያንኑ ስም ደግማ ከመለሰች፣ የሚሰማትም ካልተገረመ፣ ነገሩ አልቋል።

ቼክም እንደ ፖላንድ ይከለክላል፤ የ2000ው ሕግ ቁጥር 301 አንቀጽ 62 የተዛቡ፣ የተቆላመጡና የቤት መልክ ያላቸው ስሞች በልደት መዝገብ እንዳይገቡ ይላል። ከሁሉም የሚያስተምረው ግን የስፔን ታሪክ ነው፤ የተበጠሰውን ገመድ በሕግ ቋንቋ የጻፈው እሱ ነውና። የ1957ቱ የመዝገብ ሕግ የሚከለክለው ቁልምጫን በጅምላ አልነበረም፤ "ራሳቸውን ያልቻሉ" ቁልምጫዎችንና የቤት መጠሪያዎችን ነበር። ማለትም ራሱን ከቻለ ይፈቀዳል። ግን ራሱን መቻሉን ማን ይመዝናል? ሎላ የምትባል ሴት ዶሎሬስ ከሚለው ተለይታ ቆማለች ወይ የሚለው በየመዝገብ ቤቱ ሹም ጆሮ ላይ ተንጠለጠለ። በማርች 2007 የወጣው ሕግ ቁጥር 3 ይህን ክልከላ አነሣ፤ በመግቢያውም ምክንያቱ ሰው ስሙን በነፃነት የመምረጥ መብቱን ለማረጋገጥ መሆኑን ገለጸ። ከቀሩት ክልከላዎች ውስጥ ስሙ ሰውየውን በግልጽ የሚጎዳ ወይም ማንነቱን ለመለየት የሚያደናግር ከሆነ የሚሉት ይገኙበታል። ከዚያ ወዲህ ሎላ ተብሎ በቀጥታ መመዝገብ ይቻላል። ስፔን ትክክል አድርጋለች ብዬ አምናለሁ። ስም ራሱን ችሏል ወይስ አልቻለም የሚለው የሚለካው ሕዝብ ሲጠቀምበት ነው፤ ሹሙ ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ሊለካው አይችልም፤ በመከልከሉም የሚለካውን ነገር ራሱን ያዘገያል።

እንግሊዝ ውስጥ የተፈቀደ ስም ዝርዝር የለም፤ ወላጆች በ42 ቀን ውስጥ ልደቱን ያስመዘግባሉ፤ ቁልምጫ መሆኑ ማንንም አያስጨንቅም። ለዚህ ነው ገመዱ በፍጥነት የሚበጠሰው። ጃክ በመነሻው የጆን ቁልምጫ ነው፤ ጃንኪን ከሚለው መልክ በኩል የመጣ። በእንግሊዝና በዌልስ ግን እስከ 2008 ድረስ ከዐሥር ዓመት በላይ ለወንዶች በብዛት የወጣው ስም ጃክ ነበር፤ ከነዚያ ሕፃናት ጀርባ የተደበቀ ጆን የለም። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን ሃሪ ተብሎ ነው የተሰየመው፤ ሃሮልድም ሄንሪም አልነበረም። የብሪታንያው ልዑል ሃሪ በመዝገብ ሄንሪ ነው፤ ልጆቹ ግን ራሳቸው በቁልምጫ መልክ ተመዘገቡ። አርቺ በ2019 ሲወለድ አርቺባልድ አልተባለም። በ2021 የተወለደችው ሊሊቤት የያዘችው ስም ደግሞ ንግሥት ኤልዛቤት በሕፃንነቷ የራሷን ስም መጥራት አቅቷት የፈጠረችው መጠሪያ ነው። የቤተሰብ ጓዳ ውስጥ የነበረ የሕፃን አፍ ስህተት በሦስት ትውልድ ውስጥ የልደት ምስክር ወረቀት ላይ ደረሰ።

አንዳንዴ ገመዱ የሚበጠሰው ስሙ ድንበር ሲሻገር ነው። ናታሻ በሩሲያ የናታሊያ ቁልምጫ ነው፤ ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ ግን ናታሊያን ቤቷ ትቶ ስለመጣ ሙሉ ስም ሆነ። የባራክ ኦባማ ሁለተኛ ልጅ በ2001 ስትወለድ የተሰየመችው ናታሻ ነው፤ ዓለም የሚያውቃት ሳሻ በሚለው ቁልምጫ ነው። ሩሲያዊ ይህን ሲሰማ ሁለት ጊዜ ይገረማል፤ ናታሻ ለእሱ መዝገብ ላይ የማይጻፍ ስም ነው፣ ሳሻ ደግሞ የአሌክሳንድራ እንጂ የናታሊያ አይደለም።

የድሮው መንገድ ደግሞ የቤተሰብ ስም ነበር። የአባት ቁልምጫ የልጅ መለያ ሆኖ ሲጻፍ ቁልምጫው በሕግ ታሰረ። ሆፕኪንስ የሚለውን የእንግሊዝ የቤተሰብ ስም ወደ ኋላ ብንፈታው ሮበርት፣ ሮብ፣ ሆብ፣ ከዚያ "ትንሹ" የሚል ትርጉም ያለው "ኪን" ተጨምሮ ሆብኪን፣ በመጨረሻም ሆፕኪንስ ነው። ዲክሰን የዲክ ልጅ ነው፣ ዋትሰን የዋት ልጅ፤ ዋት የዋልተር ቁልምጫ ነበር። ሆብ ብሎ ልጁን የሚጠራ ዛሬ የለም፤ በሆፕኪንስ ውስጥ ግን ሆብ አሁንም ፓስፖርት ይዞ ይጓዛል።

በመዝገብ ያልገባ ቁልምጫ ይዞ ለሚኖር ሰው ችግሩ የሚታየው ማሽን ፊት ሲቆም ነው። የፓስፖርት የፎቶ ገጽ ግርጌ ላይ በማሽን የሚነበቡ ሁለት መስመሮች አሉ፤ እያንዳንዳቸው 44 ምልክት ይይዛሉ። በመጀመሪያው መስመር ለስም የተተወው ቦታ 39 ነው። ካሻ የምትባል ሴት መስመሯ ይህን ይመስላል፦

```
P<POLKOWALSKA<<KATARZYNA<<<<<<<<<<<<<<<<<<<<
```

ትኬቷ ላይ ካሻ ብላ ከመዘገበች ማሽኑ ሁለቱን ቃላት ፊደል በፊደል ያነጻጽራል፤ የሚገናኙት "ካ" ላይ ብቻ ነው። ሰው የሆነ ፖላንዳዊ ሠራተኛ ወዲያው ይገባው ነበር፤ ማሽኑና የሌላ አገር ሠራተኛ ግን ሁለት የተለያዩ ሰዎች ያያሉ። ስለዚህ ቁልምጫ የለመደ ሰው ትኬት፣ የባንክ ሒሳብ፣ የትምህርት ማስረጃና ኑዛዜ ላይ ያለማወላወል የፓስፖርቱን ስም መጻፍ ይኖርበታል፤ ወይም ቁልምጫውን ራሱን ሕጋዊ ማድረግ አለበት።

ለዚህ ሁለተኛው መንገድ እንደ ፖላንድና ስፔን ያሉ አገሮች የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ ስሙ በእርግጥ ሲሠራበት እንደኖረ ማሳየት። በፖላንድ የ2008ቱ የስም ለውጥ ሕግ ለውጥ የሚፈቅደው በቂ ምክንያት ሲኖር ነው፤ ሰውየው በተግባር ወደሚጠቀምበት ስም መቀየርን ከምክንያቶቹ አንዱ አድርጎ ይዘረዝራል። ማመልከቻው ለመዝገብ ቢሮው ሹም ይቀርባል፤ ክፍያው 37 ዝሎቲ ነው። የስፔኑ የ2011 ሕግም አመልካቹ አዲሱን ስም በልማድ እንደሚጠቀምበት እንዲያስረዳ ይጠይቃል። ማመልከቻ የሚወድቀው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው። ሰዎች የልደት በዓል መልካም ምኞት ካርዶችንና የጓደኛ ደብዳቤዎችን ይዘው ይመጣሉ፤ እነዚህ ስሙ ቤት ውስጥ መኖሩን እንጂ ከቤት መውጣቱን አያሳዩም። ክብደት ያለው ማስረጃ በተለያዩ ዓመታት፣ በተለያዩ እጆች፣ ከሰውየው ጋር ዝምድና በሌላቸው ሰዎች የተጻፈ ነው፤ የሥራ ውል፣ የሙያ ማኅበር መታወቂያ፣ በስሙ የወጣ ጽሑፍ።

በእንግሊዝ ግን ስም የሚቀየረው ሰውየው ራሱ በሚያዘጋጀው የስም መቀየሪያ ሰነድ ነው። ዕድሜው 16 የሞላ ሰው ሰነዱን ማዘጋጀት ይችላል፤ በሰነዱም ሦስት ነገር ቃል ይገባል፤ የድሮውን ስም ትቻለሁ፣ ከእንግዲህ ሁልጊዜ በአዲሱ እጠቀማለሁ፣ ሌላውም በአዲሱ እንዲጠራኝ እጠይቃለሁ። ከዚያ በድሮውም በአዲሱም ስም ፈርሞ በምስክር ፊት ያጸናዋል። ብዙዎች የሚሳሳቱት የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር ሳያጤኑ ነው። ኬት ለመሆን የፈረመች ካትሪን፣ ካትሪንን "ለቁም ነገር" ብላ ማስቀመጥ አትችልም፤ ባንኩ ላይ ካትሪን፣ ፓስፖርቱ ላይ ኬት ሆና ብትቀጥል የፈረመችውን አፍርሳለች።

ተቃራኒው ስህተትም አለ፤ በቁጥርም እየበዛ የሚሄደው እሱ ይመስለኛል። በልደት መዝገቡ ጃክ፣ ኬት ወይም ሌና የሆነ ሰው ቅጽ ሲሞላለት ጸሐፊው "ሙሉውን ልጻፍልህ" ብሎ ጆን፣ ካትሪን ወይም ማግዳሌና ያደርገዋል። ሰዎችን በስም የሚያዛምዱ የመረጃ ሥርዓቶችም ይህንኑ ያደርጋሉ፤ ጃክን ከጆን፣ ቢልን ከዊልያም ጋር የሚያገናኝ ሰንጠረዥ ተጭኖባቸዋል፤ ሰንጠረዡ ቁልምጫ ገና ከእናቱ ጋር ታስሮ በነበረበት ጊዜ ልክ ነበር። ዛሬ የአንዱን ጃክ መዝገብ ከአንድ የማያውቀው ጆን ጋር ሊያጣብቅ ይችላል። እንዲህ ያለ ስም ያለው ሰው ቅጽ ከመፈረሙ በፊት ስሙን ፊደል በፊደል ያንብብ፤ ረዝሞ ካገኘውም የልደት ምስክር ወረቀቱን አሳይቶ እዚያው ያስቆርጠው።